ከአንድ ፀጉር ሁለት ዓይነት ፈትል፦ አጭርና ረጅም አሳሳብ በእግር መዘውር

ፊቴ ሁለት ልቃቂት ተቀምጧል። ሁለቱም ከኮፈሌ በኩል ከመጣ አንድ የበግ ፀጉር የተፈተሉ ናቸው። የፈተልኳቸውም በዚሁ ሀዋሳ፣ በአንድ መዘውር ነው። አንዱ ልም ያለ፣ ጥብቅና ከበድ ያለ ክር ነው። ሌላው ያበጠ፣ ጸጉራም፣ ሲጨብጡት የሚጨመቅ፣ ሲለቁት መልሶ የሚነፋ ነው። ልዩነቱ የመጣው ፀጉሩን ካዘጋጀሁበትና ከሳብኩበት መንገድ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን አጭር አሳሳብ፣ ሁለተኛውን ረጅም አሳሳብ እላቸዋለሁ። በአጭሩ የፊት እጅ ፀጉሩን ትንሽ በትንሹ ወደ መዘውሩ ይስባል። በረጅሙ የኋላ እጅ ፀጉሩን ይዞ እስከ ክንዱ ድረስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ክርረቱ ገና እየተሳበ ወዳለው ፀጉር ይገባል ወይስ አይገባም? በአጭሩ አይገባም፣ ጣት ይከለክለዋል። በረጅሙ ይገባል፣ እንዲገባም እንፈልጋለን። ይህቺን ከያዛችሁ ቀሪው የእጅ ልምድ ነው።

መጀመሪያ መዘውሩን እወቁት

ክሩ በሚጠቀለልበት ክንፍ አንዱ ጎን ላይ ቀይ ክር እሰሩ። ከዚያ ትልቁን ጎማ በእጃችሁ አንድ ዙር ብቻ አዙሩና ቀይዋ ክር ስንት ጊዜ እንደዞረች ቁጠሩ። የኔ 10 ጊዜ ትዞራለች። የትልቁ ጎማ ስፋት 45 ሳንቲሜትር፣ ገመዱ የሚያዞረው ትንሹ 4.5 ሳንቲሜትር ስለሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ እርግጫ ወደ 10 ክርረት አገኛለሁ ማለት ነው። ገመዱ ትንሽ ስለሚንሸራተት በተግባር ጥቂት ያንሳል፣ ለሥራችን ግን ይበቃል።

ቀጥሎ ፍሬኑ አለ። ማጠንጠኛው ላይ የምትታሰረው ቀጭን ገመድ ናት። ስትጠብቅ ክሩን በኃይል ከእጃችሁ ትነጥቃለች። ስትላላ ክሩ እጃችሁ ላይ ይቆያል። ለአጭሩ አሳሳብ መጠነኛ ጉተታ ይሻላል። ለረጅሙ ግን ፍሬኑን አላሉት፤ ክሩ የሚገባው እናንተ እጃችሁን ወደ ፊት ስታመጡለት ብቻ ይሁን። ብዙ ጀማሪ ረጅሙን አሳሳብ «አልሆነልኝም» የሚለው እጁ አልታዘዝ ብሎት ሳይሆን ፍሬኑ ጠብቆ ነው።

የአንድ ዘለላ ርዝመትም ለኩ። ከፀጉሩ ትንሽ ቁንጥር ወስዳችሁ ሳትጎትቱ ማስመሪያ ላይ አስቀምጡት። ይሄኛው 8 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ወዲያው ያስፈልጋችኋል።

ለአጭሩ አሳሳብ፦ አበጥሩት

የታጠበውንና የደረቀውን ፀጉር በሚዶ አበጥሩ። አጫጭሩና የተቋጠረው ሚዶው ላይ ይቀራል፣ ረጃጅሙ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይወጣል። የወጣውን ከአንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ስባችሁ አንድ ረጅም ጭራ አድርጉት። በመካከል አታጣጥፉት፣ አትጠቅልሉት። ዘለላዎቹ በተሰለፉበት አቅጣጫ እንዲቆዩ እንፈልጋለን።

አሁን የኋላ እጃችሁ ጭራውን ላላ አድርጎ ይያዝ። የፊት እጃችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ክሩ የሚያበቃበትንና ፀጉሩ የሚጀምርበትን ቦታ ይቆንጥጥ። በሁለቱ እጆች መካከል የአንድ ዘለላ ያህል ቦታ ይኑር፣ በኛ ፀጉር 8 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው።

1. ቆንጥጣችሁ እንደያዛችሁ የፊት እጃችሁን ወደ መዘውሩ 4 ሳንቲሜትር ያህል፣ ማለትም የዘለላውን ግማሽ፣ ሳቡ። ከኋላው ፀጉሩ እየሳሳ ሲዘረጋ ታያላችሁ። እዚያ ቦታ ክርረት የለም።

2. ቁንጥጫውን ሳትለቁ ጣቶቻችሁን በፀጉሩ ላይ ወደ ኋላ አንሸራትቱ። ክርረቱ ጣቶቻችሁን ተከትሎ ይመጣል። ጣቶቹ የወጡትን ጫፎች እየደፈኑ፣ በመካከል ያለውን አየር እያስወጡ ስለሚያልፉ ክሩ ልም ይላል።

3. እንደገና ወደ ፊት ሳቡ። አንድ እርግጫ፣ አንድ ስብ።

አንድ እርግጫ 10 ክርረት ከሆነና አንድ ስብ 4 ሳንቲሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ላይ 2.5 ክርረት ወደቀ። አንድ ሚሊሜትር ለሚሆን የሱፍ ክር ይህ ደህና ነው። የዚህ አሳሳብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። እግርና እጅ አንዴ ከተስማሙ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። ወሬ እያወሩ መፍተል የሚቻለውም በዚህ ነው።

ሁለት ነገር ግን ይበላሻል። አንደኛው ክርረቱ ከጣት አምልጦ ወደ ኋላ ሲገባ ነው። የምታውቁት ፀጉሩ በድንገት አልሳብ ሲላችሁ ነው። ሁሉም ሰው ያኔ በጉልበት ይጎትታል። አትጎትቱ። እግራችሁን አቁሙ፣ የከረረውን ቦታ በሁለት ጣት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ጠምዝዙት፣ ይላላል፣ ከዚያ ሳቡ። ሁለተኛው እጆቻችሁ ተቀራርበው ፀጉሩ ግትር ሲል ነው። የአንዱን ዘለላ ሁለት ጫፍ በሁለት እጅ ይዛችሁ እየተጎተታችሁ ነው ማለት ነው። የኋላ እጃችሁን ጥቂት አርቁት። በተቃራኒው ፀጉሩ መካከል ላይ በቀላሉ ተለያይቶ ከቀረ አርቃችሁታልና አስጠጉት።

ለረጅሙ አሳሳብ፦ አመልማሎ ሥሩ

እዚህ ማበጠር አይሠራም። የምንፈልገው ዘለላው ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተነ፣ አየር የያዘ ፀጉር ነው። በሁለት ባለ ሽቦ ብሩሾች መካከል እያለፈ እስኪነፋ ድረስ ቦርሹት። ከዚያ ከብሩሹ ላይ አንስታችሁ በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልሉትና እንጨቱን አውጡት። ባዘቶውን አመልማሎ አድርጎ እንደማዘጋጀት ነው። ጣት የሚያክል ስስ ጥቅል ይሁን። ጠንከር አድርጋችሁ ከጠቀለላችሁት አየሩ ይወጣና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቁራጭ ጭራሮ፣ እሾህ ወይም የተቋጠረ ፀጉር ከተረፈም አሁን ልቀሙት። በአጭሩ አሳሳብ ጣት ቆሻሻውን ያገኘዋል። እዚህ ግን እጅ ከክሩ ርቆ ስለሚሠራ ጉብታው ክሩ ላይ ታትሞ ይቀራል።

አመልማሎውን በኋላ እጃችሁ ያዙ። ያዙ ስል እንዳይወድቅ ያህል ነው። ከጨበጣችሁት አይፈስም።

1. የፊት እጃችሁ ከመዘውሩ ቀዳዳ አጠገብ ክሩን ይቆንጥጥ። ሦስት አራቴ ርገጡ። ክርረቱ በቀዳዳውና በጣታችሁ መካከል ይጠራቀማል።

2. ጣታችሁን ከፈት አድርጉ። ክርረቱ ወደ አመልማሎው ሲሮጥ የኋላ እጃችሁ በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ መሸሽ ይጀምር። የፊት እጃችሁን መልሳችሁ ቆንጥጡና የኋላውን ወደ 60 ሳንቲሜትር ድረስ በዝግታ ሳቡት።

3. አሁን በመካከል የተዘረጋው ነገር አስቀያሚ ነው። አንድ ቦታ ቀጥኖ አንድ ቦታ አብጧል። አትደንግጡ፣ መሆን ያለበትም እንደዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ መሳብ ቀጥሉ። ያበጡት ቦታዎች ዓይናችሁ እያየ ይሳሳሉ፣ የቀጠኑት ግን አይበጠሱም።

4. ክሩ ሲስተካከል የፊት ጣታችሁን ክፈቱና ወደ ስምንት ጊዜ ያህል ርገጡ። በዚህ ጊዜ ክሩ ተወጥሮ ይቆይ እንጂ አይሳብ። ክሩን የሚያጠነክረው ይህ የመጨረሻው ክርረት ነው።

5. እጃችሁን ፈጠን አድርጋችሁ ወደ መዘውሩ አምጡና ክሩ ይግባ። ከላላ ራሱ ላይ ይጠመዘዛል።

ሦስተኛው ላይ የሚሆነውን ነገር ካልተረዳችሁ እጃችሁ ሁልጊዜ ይፈራል። ክርረት የሚሮጠው ወደ ቀጭኑ ቦታ ነው፤ ቀጭኑን ማዞር ወፍራሙን ከማዞር ይቀላልና። ክርረት የገባበት ቀጭን ቦታ ዘለላዎቹ ተቃቅፈው ስለሚቆለፉ ከዚህ በላይ አይሳሳም። ወፍራሙ ግን ክርረት አልደረሰውም፣ ስለዚህ ሲሳብ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ክሩ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። የናንተ ሥራ ክርረቱን በልክ ማስገባት ብቻ ነው። ጥቂት ከገባ ቀጭኑ ሳይቆለፍ ይበጠሳል። ከበዛ ወፍራሙም አብሮ ይቆለፍና ጉብታው ይቀራል። የተቆለፈ ጉብታ ካያችሁ ከግራና ከቀኙ ይዛችሁ ክርረቱን በመፍታት አቅጣጫ ዞር አድርጉትና ሳቡት፣ ይሳሳል።

ታቦር ተራራ ሥር ዕድሜያቸውን በሙሉ ጥጥ የፈተሉ አንዲት እማማ አሉ። መጀመሪያ መዘውሩ ላይ ሳስቀምጣቸው አጭሩን ላስተምራቸው ስሞክር ሰለቻቸው። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ እየቆነጠሩ መቼ ያልቃል?» አሉኝ። ረጅሙን ግን ማሳየት እንኳን አላስፈለገኝም። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ጥጡን የያዘውን እጃቸውን ወደ ላይ የሚያነሱት እኮ ይኸው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተለወጠው። እዚህ አገር የሚፈትል ሰው ረጅሙን አሳሳብ ያውቀዋል። አዲስ የሚሆንበት አጭሩ ነው።

ሁለቱን ክሮች እናወዳድር

ከአንዱ ፀጉር 10 ግራም በአጭሩ፣ 10 ግራም በረጅሙ ፈተልኩ። ውፍረታቸው እኩል እንዲሆን ተጠነቀቅኩ። ውፍረት የምለካው ክሩን ማስመሪያ ላይ ሳላጠብቅ እየጠቀለልኩ ነው። 2 ሳንቲሜትር ላይ 20 ዙር ከያዘ አንድ ሚሊሜትር ነው።

በአጭሩ የተፈተለው 22 ሜትር ወጣው። በረጅሙ የተፈተለው 30 ሜትር ወጣው። ሚዛኑ አንድ ነው፣ ውፍረቱም አንድ ነው። የ8 ሜትሩን ልዩነት የሞላው አየር ነው። የረጅሙ ክር ዘለላዎች ተሰልፈው ስላልተጠጋጉ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ሙቀት የሚይዘውም ያው አየር ነው። ስለዚህ በዚህ ክር የተሠራ ልብስ ከዚያኛው ይቀላል፣ ይሞቃልም። ቁጥሮቹ በናንተ ፀጉርና እጅ ይለያያሉ። የረጅሙ መርዘም ግን አይቀርም። ከሁለቱ ክር እኩል ሜትር ካገኛችሁ አመልማሎውን ጨብጣችሁታል ወይም ጣታችሁ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ነበር።

ጥንካሬው ደግሞ ይገለበጣል። ከሁለቱም ክንድ የሚያህል ቆርጣችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። የረጅሙ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይበጠሳል። የአጭሩ ብዙም አይለጠጥም፣ ለመበጠስ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ዘለላው ከጫፍ እስከ ጫፉ በክሩ ርዝመት ስለተኛ ሸክሙን ሁሉም አብረው ይይዙታል። በጣት ብታሹት የአጭሩ እንዳለ ይቆያል፣ የረጅሙ ጸጉር ያወጣል። ብርሃን ላይ ብታዩት የአጭሩ ያብረቀርቃል፣ የረጅሙ ደብዛዛ ነው።

አጠባቸውም አንድ አይደለም። የአጭሩን ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ተወጥሮ እንዲደርቅ ስቀሉት። የረጅሙን ሞቅ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ጥቂት እሹት፣ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስቴ ምቱት። አዎ፣ ምቱት። ዘለላዎቹ ይያያዛሉ፣ ክሩም ይነፋል። ብዙ ካሻችሁት ግን ይደድራልና እዚያ ላይ ልክ ይኑራችሁ።

ድርና ማግ

ይህ ሁሉ ለሸማኔ ምን ይጠቅመዋል? ድር ተወጥሮ የሚቆም ክር ነው። ማግ በተመታ ቁጥር ድሩ ይታሻል፣ መርገጫው በተረገጠ ቁጥር ይለጠጣል። ጸጉር የሚያወጣ ክር ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቅና ይበጠሳል። ማግ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ በመወርወሪያ ተወርውሮ ቦታው ይተኛል። ስለዚህ ሱፍ ለሚሸምን ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፦ ድሩን በአጭሩ አሳሳብ ጠንከር አድርጋችሁ ፍተሉ፣ ማጉን በረጅሙ። የልብሱን ጥንካሬ ድሩ ይሸከማል፣ ሙቀቱንና ልስላሴውን ማጉ ይሰጣል። ሁሉንም በአጭሩ ከፈተላችሁ ልብሱ ከባድና ደረቅ ይሆናል። ሁሉንም በረጅሙ ከሆነ ሸማኔው ክር ሲቀጥል ይውላል፣ እናንተንም ሲያማርር።

በጋቢም ነገሩ ያው ነው። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖም ከብዶ የማይጫነውና የሚሞቀው በማጉ ምክንያት ነው።

ጥጥ ላይ ሲሆን

ለጥጥ ረጅሙን አሳሳብ እመርጣለሁ፣ ብዙም አላመነታም። የጥጥ ዘለላ 3 ሳንቲሜትር አይሞላም። በአጭሩ ልፈትል ካላችሁ አንድ ስብ ከአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ይቻላል፣ ልም ያለ ክርም ይሰጣል፤ ግን ሌሊቱም አይበቃችሁ።

የአጭር ዘለላ ችግር በክርረት ይካሳል። ዘለላዎቹ የሚደራረቡበት ርዝመት ትንሽ ስለሆነ እንዳይንሸራተቱ አጥብቆ ማክረር ያስፈልጋል። ለቀጭን ማግ በሳንቲሜትር 5 ያህል ብንል 60 ሳንቲሜትር ክር 300 ክርረት ይፈልጋል። በኔ መዘውር 30 እርግጫ ነው። እግር ይዝላል። ገመዱ የሚያዞረው ትንሹ ጎማ በግማሽ ጠቦ በአንድ እርግጫ 20 ቢሰጥ 15 ይሆናል። መዘውር የሚያሠራ ሰው ለአናጢው ቀድሞ መንገር ያለበት ይህንን ነው። መዘውራችሁ ለሱፍ የተሠራ ከሆነና ጥጡ እየተንሸራተተ ከተበጣጠሰ ጥፋቱ የእጃችሁ ላይሆን ይችላል።

ክርረቱ መብቃቱን ለማወቅ ክሩን ከማጠንጠኛው ጥቂት አውጡና አላሉት። ራሱ ላይ ዞሮ ሁለት ሆኖ ከተጠመዘዘ በቅቷል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ገና ነው። ተኮማትሮ ትንንሽ ቀለበት ከሠራ አልፏል፣ የእርግጫውን ቁጥር ቀንሱ። ይህን ግን ወዲያው እንደፈተላችሁ አድርጉት። ክር ማጠንጠኛ ላይ ካደረ ክርረቱ ይተኛና የሞተ መስሎ ይታያል። የጥጡን ክር ከማጠንጠኛው አውጥታችሁ ቱባ አድርጉትና አራት ቦታ በላላ ክር አስራችሁ በሳሙና ውኃ አፍሉት። ከዚያ ወዲያ ክርረቱ አይመለስም፣ ለሸማኔውም ሳይጠማዘዝ ይገባለታል።

በበጋ ደረቅ ወራት ጥጡም ሱፉም በኤሌክትሪክ እየተሞላ ይበተናል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። እጃችሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ እያደረጋችሁ ፍተሉ። አመልማሎውን ግን አታርጥቡት። የረጠበ አመልማሎ አንድ ላይ ይጣበቅና ከዚያ በኋላ በምንም አሳሳብ አይሳብም።